በክትትልና ግምገማ ስምንት ዓመት ሠርቼ በሊንክድኢን ፍለጋ ለምን አልገኝም?

የመስክ ሰው

ሰላም ለሁላችሁም። በጤና ፕሮጀክቶች ውስጥ በክትትልና ግምገማ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አሁን ያለሁበት ፕሮጀክት የገንዘብ ድጋፉ ሊያበቃ ስለተቃረበ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሬአለሁ።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። አብራኝ የምትሠራ፣ ልምዷ ከእኔ የማይበልጥ ባልደረባዬ አለች። ለእርሷ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም መልማዮች በሊንክድኢን ይጽፉላታል። ለእኔ ግን የጻፈልኝ መልማይ የለም። በስንት ሰዎች ፍለጋ ውስጥ እንደታየን የሚነግረንን ገጽ ስከፍተውም ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከፈላጊዎቹም አብዛኞቹ የሚሠሩት የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በሚገኙባቸው መሥሪያ ቤቶች ነው።

ከስሜ ሥር ያለው አርዕስት እንዲህ ይላል፦

```
Passionate Development Practitioner | Changing Lives | Open to New Opportunities
```

በሥራ ልምድ ክፍል ያለው መጠሪያዬ ደግሞ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ እንደሰፈረው `Program Quality Officer` ነው። የሥራ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ። ችግሩ አርዕስቱ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?

ቀስተ ደመና

ችግሩ አርዕስቱ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልግ። መልማዮች የሚፈልጉት በቁልፍ ቃል ነው፤ ፍለጋው የሚያነበውም አርዕስቱን ብቻ ነው። 220 ፊደል ተፈቅዶልሃል፤ አንዱንም ባዶ አትተው። የምታውቀውን ሁሉ ደርድርበት፦ ክትትል፣ ምርምር፣ መረጃ ትንተና፣ ሪፖርት አጻጻፍ፣ ፕሮጀክት አስተዳደር፣ ሥልጠና። እኔ እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ በፍለጋ የሚያየኝ ሰው በጣም ጨምሯል።

ማገር

እኔ የምሠራው ዱባይ ነው፤ እንደ አንተው M&E ላይ ነኝ። ወንድሜ፣ እዚህ አገር በዚያ ምህጻር ብቻ ብትጽፍ አትገኝም። ተቋራጮቹ የሚፈልጉት `MEP` ብለው ነው። አርዕስትህን `MEP Engineer` አድርገውና የሠራህባቸውን ሕንፃዎች ዓይነት ጨምርበት፤ ሆስፒታል ከሆነ ሆስፒታል በል። ጤና ላይ ሠርቻለሁ ስላልክ ይህ ይጠቅምሃል።

የመስክ ሰው

ማገር፣ ስለ አሳብህ አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የእኔ M&E ክትትልና ግምገማ ነው፤ የአንተ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ሥራ ይመስለኛል።

ማገር

ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን ገባኝ። ለካ አንዳንድ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች «የመረጃ ጥራት ባለሙያ እንፈልጋለን» ብለው የሚጽፉልኝ ለዚህ ነው! ምክንያቱን ሳላውቀው ቆይቻለሁ።

ጣና ዳር

ሥራዬ ምልመላ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ላሉ የልማትና የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኛ እፈልጋለሁ። በየቀኑ የምጠቀመው ድርጅቶች ከፍለው የሚያገኙትን የሊንክድኢን ሪክሩተር ገጽ ነው። ቀስተ ደመና ያሉት ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን የመስክ ሰውን ወደ ሌላ ጥፋት ይወስዳቸዋል። እኔ ፍለጋ ስጀምር የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ከዚያ አርዕስቱ የት ላይ ኃይል እንዳለው ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የማስገባው ቦታውን ነው፤ አዲስ አበባ እላለሁ። ቀጥሎ `Job titles` የሚለው ማጣሪያ ውስጥ የሥራ መጠሪያ እጽፋለሁ። መጻፍ ስጀምር ገጹ ራሱ ካዘጋጀው የመጠሪያ ዝርዝር አማራጭ ያቀርብልኛል፤ የክትትልና ግምገማ መጠሪያዎችን እመርጣለሁ። ይህ ማጣሪያ የሚያየው በሥራ ልምድ ክፍል የተጻፈውን መጠሪያ እንጂ አርዕስቱን አይደለም። የመስክ ሰው፣ የእርስዎ መጠሪያ `Program Quality Officer` ስለሆነ እዚህ ላይ ወድቀዋል። አርዕስትዎን ምንም ቢያሳምሩት በዚህ በር አይገቡም።

ይሁን እንጂ ድርጅቶች ለአንድ ሥራ የተለያየ ስም እንደሚሰጡ አውቃለሁ። አንዱ የፕሮግራም ጥራት ይለዋል፣ ሌላው ትምህርትና ተጠያቂነት ይለዋል። ስለዚህ በመጠሪያ ያገኘኋቸው ሰዎች ጥቂት ሲሆኑብኝ ማጣሪያውን አንሥቼ `Keywords` በሚለው ሳጥን ይህንን እጽፋለሁ፦

```
("monitoring and evaluation" OR "monitoring & evaluation" OR "M&E" OR MEAL) AND (health OR DHIS2)
```

`MEAL` ያልኩት ክትትል፣ ግምገማ፣ ተጠያቂነትና ትምህርት ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምህጻር ነው። ይህኛው ሳጥን መላውን ፕሮፋይል ያነባል፦ አርዕስቱን፣ ስለ ራስ የተጻፈውን፣ የሥራ ዝርዝሩን፣ ክህሎቶቹን። እንግዲህ በሥራ ዝርዝርዎ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ክትትልና ግምገማ ብለው በእንግሊዝኛ ከጻፉ እዚህ ላይ ይገኛሉ። «የሚያነበው አርዕስቱን ብቻ ነው» የሚለው ስህተት የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ አርዕስቱ ምን ይሠራል? ሊንክድኢን ሰዎችን በምን ሚዛን እንደሚደረድር ዝርዝሩን አያወጣም። እኔ በየቀኑ የማየውን ልናገር፦ የፈለግሁት ሐረግ በአርዕስታቸውና አሁን በያዙት መጠሪያ ላይ ያለ ሰዎች ከላይ ይመጣሉ፤ በድሮ ሥራ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የጠቀሱት ከታች ይቀራሉ። በአንድ ገጽ 25 ሰው ይቀርብልኛል። ከአዲስ አበባ ለአንድ የክትትልና ግምገማ ቦታ ስፈልግ ብዙ ገጽ ሰው ይመጣል፤ የምጽፍላቸው በቂ ሰዎች ካገኘሁ እዚያው አቆማለሁ። አምስተኛው ገጽ ላይ ያለ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን አላየሁትም።

ሁለተኛው ነገር ዓይን ነው። በዝርዝሩ ላይ ፎቶ፣ ስም፣ ከስሙ ሥር አርዕስቱ፣ ከዚያ የአሁኑ ሥራ ይታየኛል። `Passionate Development Practitioner` የሚል ሰው ገንዘብ አሰባሳቢ ሊሆን ይችላል፣ ማኅበራዊ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ፕሮፋይሉን ከፍቼ ለማጣራት ጊዜ የለኝም፤ ቀጥሎ ያለው ሰው ሥራውን በግልጽ ጽፎልኛልና ወደ እርሱ አልፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው ብዙ የሰው ኃይል ባልደረቦች የሪክሩተር ፈቃድ የላቸውም፤ ማንም ሰው በሚጠቀምበት ነጻ ፍለጋ ነው የሚሠሩት። እዚያ ከስም ቀጥሎ ጎልቶ የሚታየው አርዕስቱና ከተማው ነው፤ የአርዕስቱ ክብደት በዚያ ይበልጥ ይጨምራል።

የመስክ ሰው

እህቴ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ሐረጉን ፈለግሁት። `M&E` ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሙሉውን ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ይህ ልዩነት ያመጣል?

ጣና ዳር

ያመጣል። ምክንያቱን ማገር ሳያስቡት አሳይተውናል፤ ያ ምህጻር ለሁለት ሙያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቦታውን ሰፋ አድርጌ ስፈልግ የሕንፃ መሐንዲሶች ገጹን ይሞሉታል። `MEAL` ደግሞ ይብሳል። ፍለጋው ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ምገባ ፕሮግራም የሚሠሩ፣ የሆቴል ምግብ ዝግጅት ኃላፊዎች ሁሉ ይመጡብኛል። በዚህ የተነሣ ብዙ መልማዮች ምህጻሩን ትተው ሙሉውን ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ አድርገው ብቻ ይፈልጋሉ። በጥቅስ ውስጥ የገባ ሐረግ ደግሞ ቃላቱ በዚያው ቅደም ተከተል ተጽፈው ካልተገኙ አያመጣም።

ስለዚህ ሙሉው ሐረግ በአርዕስቱ መጀመሪያ ላይ ይግባ፤ ምህጻሮቹ ከኋላው ይከተሉ። ኮከብ ምልክት ከቃል በኋላ አድርጎ የቃሉን ዘሮች ሁሉ ማምጣት በሊንክድኢን አይሠራም፤ `evaluator` ብሎ የጻፈ ሰው `"monitoring and evaluation"` ብዬ ስፈልግ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። `Program` እና `Programme` ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አድርጉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በሁለተኛው ይጽፋሉ፤ የአሜሪካ ድርጅቶች በመጀመሪያው። አንዱን አርዕስቱ ላይ፣ ሌላውን ዝርዝሩ ውስጥ አድርጉት።

አዲስ ምሩቅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። በኢትዮጆብስ ለብዙ ማስታወቂያዎች አመልክቼ ምላሽ የለም። የትምህርትና የሥራ ማስረጃዬን በሰንጠረዥ ነው ያዘጋጀሁት። ኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ አያነብም ይላሉ፤ እውነት ነው?

ጣና ዳር

አዲስ ምሩቅ፣ ያንተ ጥያቄ ሌላ ነው። አንተ ያመለከትክበት ቦታ ላይ ማመልከቻህ የሚመረመርበት መንገድ ነው የሚያሳስብህ፤ እዚህ የምንነጋገረው ሳያመለክት ሰው እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ ብትተካው አትጎዳም። ለብቻው ጥያቄ አድርገህ ክፈተው፤ እዚያ እመልስልሃለሁ።

ቀስተ ደመና

እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ፍለጋው መላውን ፕሮፋይል የሚያነብ ከሆነ፣ አርዕስቱም ክብደት ካለው፣ ብዙ ቃል ያለበት አርዕስት ብዙ ፍለጋ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የእኔ ቁጥር ማደጉን በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን ታሳጥሩታላችሁ?

ጣና ዳር

ቁጥሩ ማደጉን አልጠራጠርም። ነገር ግን የፍለጋ መታየት ገጹ ከቁጥሩ ሌላ ፈላጊዎቹ የት እንደሚሠሩና የሥራ መጠሪያቸው ምን እንደሆነ ይነግራል። እዚያ ላይ መልማይና የሰው ኃይል ባለሙያ ስንት እንደሆነ ይዩልኝ።

ብዙ ቃል የመደርደር ሌላም ጉዳት አለው። ሰው የምፈልገው በመጨመር ብቻ አይደለም፤ በማስወጣትም ነው። ለአንድ የክትትል ባለሙያ ቦታ ስፈልግ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከመጡብኝ፣ ሥራው ደግሞ መስክ ላይ የሚውል ሰው ከፈለገ፣ ከፍለጋው ጫፍ ይህንን እጨምራለሁ፦

```
NOT (lecturer OR intern OR "research assistant")
```

ይህም የሚያነበው መላውን ፕሮፋይል ነው። ለአሁኑ ሙያው የማያስፈልገውን ቃል ሁሉ የደረደረ ሰው በዚህ ይወጣል፤ እንደወጣም አያውቅም። የድሮ ሥራችሁን ሁሉ ሰርዙ ማለቴ አይደለም። የማትፈልጉትን ሥራ ቃል በገዛ እጃችሁ አርዕስት ላይ አታውጡት ማለቴ ነው።

ቀስተ ደመና

ገጹን አየሁት። አብዛኞቹ የሽያጭ ሠራተኞችና ሥልጠና የሚያቀርቡ ድርጅቶች ናቸው፤ የሰው ኃይል ባለሙያ የለበትም ለማለት ባልደፍርም ጥቂት ነው። ሥልጠና የሚለውን ቃል አነሣዋለሁ። ሌላው ላይ ግን ለጊዜው እንዳለ ይቆይ፤ የእኔ ሥራ አንድ ሙያ ብቻ ስላልሆነ።

ሸማኔ

አንድ ጥያቄ ለጣና ዳር። በመጠሪያ ማጣሪያው የመስክ ሰው አይገኝም ብለዋል። መፍትሔው ታዲያ በሥራ ልምድ ክፍል መጠሪያውን መቀየር ነው? እኔ በሰው ኃይል ክፍል ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከፕሮፋይሉ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ምን ዓይነት ጥርጣሬ እንደሚፈጥር አውቃለሁ። ሰው በሐቅ የሠራውን ሥራ የሐሰት ያስመስልበታል። ይህንን ለማንም አልመክርም።

ጣና ዳር

ትክክል ነዎት፤ መቀየር የለበትም። እኔ የምመክረው ይፋዊው መጠሪያ እንዳለ ሆኖ ከሰረዝ በኋላ የሥራው ዓይነት እንዲጨመር ነው፤ እንዲህ፦

```
Program Quality Officer - Monitoring and Evaluation
```

ይህንን ያነበበ ሰው ደብዳቤው ላይ ያለውንም፣ በተግባር የተሠራውንም ያያል።

ሸማኔ

ይህም ቢሆን አያስደስተኝም። መጠሪያ ማለት ቀጣሪው የሰጠው ነው፤ ሠራተኛው የሚያክልበት አይደለም። ማብራሪያው በዝርዝሩ ውስጥ ይሁን፣ አርዕስቱ ላይም ይሁን፤ አርዕስቱ የራሱ ቃል ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። የመጠሪያው ሳጥን ግን የቀጣሪው ቃል ነው።

ጣና ዳር

ሐሳብዎን አከብራለሁ። ነገር ግን መጠሪያው ካልተነካ ሰውየው ከአንዱ ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ ይህንንም አውቆ ይወስን። እኔ የማያቸው ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች የጠፉት ቀጣሪያቸው በሰጣቸው ለማንም በማይገባ መጠሪያ ነው። በባንኮችም እንዲሁ ነው፤ ደረጃን ብቻ የሚናገር፣ ሥራውን የማይናገር መጠሪያ ሞልቷል።

የመስክ ሰው

ሁለታችሁንም ሰማሁ፤ መጠሪያውን ለጊዜው አልነካሁትም። አርዕስቱን ግን እንዲህ ለመቀየር አስቤአለሁ። ከማድረጌ በፊት ተመልከቱልኝ፦

```
Monitoring and Evaluation Specialist, M&E / MEAL | Health Programs | DHIS2, KoboToolbox, Power BI | Open to Work
```

ጣና ዳር

ጥሩ ነው። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 መግባቱ በተለይ ጥሩ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ሥርዓት ስለሆነ የጤና ፕሮጀክት ያለው ሁሉ በስሙ ይፈልገዋል። ሁለት ነገር ላይ ግን አስተያየት አለኝ።

አንደኛው `Specialist` የሚለው ነው። ደብዳቤዎ ላይ `Officer` ነዎት። በብዙ ድርጅቶች እነዚህ ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ለከፍተኛው ደረጃ የሚፈልግ ሰው ይከፍትዎትና መጠሪያውን ሲያይ ይዘጋዋል፤ ለዝቅተኛው የሚፈልግ ደግሞ ደመወዙ አይበቃቸውም ብሎ ያልፍዎታል። የሚፈልጉት ሥራ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ይወስኑና እርሱን ይጻፉ። ስምንት ዓመት ልምድ ስላለዎት ከፍ ማለቱ ስህተት አይደለም፤ ብቻ በዝርዝሩ ውስጥ የሚደግፈው ነገር ይኑር፦ ስንት ሠራተኛ እንደመሩ፣ የየትኛውን ደረጃ የመነሻ ጥናት እንዳዘጋጁ።

ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ቦታ ይዟል እንጂ ጥቅም የለውም። ሥራ እንደሚፈልጉ ለመልማዮች ብቻ የሚታይ ቅንብር አለ። እዚያ እስከ አምስት የሥራ መጠሪያ ማስገባት ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ ዝግጁ የሆኑትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለኝ፤ ስቸኩል እጠቀምበታለሁ። ሊንክድኢን ለመልማዮች ብቻ የተከፈተውን ከራስዎ መሥሪያ ቤት መልማዮች ለመሰወር ይሞክራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም። አለቃዎ እንዲያውቅ ካልፈለጉ ይህንን ያስቡበት።

ማገር

አረንጓዴውን ክብ ፎቶው ላይ ማድረግስ? እዚህ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ጣና ዳር

በዚህ ላይ መልማዮች እርስ በርሳችን አንስማማም። እኔ አያስቸግረኝም፤ እንዲያውም ሊመልስልኝ የሚችል ሰው መሆኑን ይነግረኛል። ደስ የማይላቸው ባልደረቦች አሉኝ።

ሸማኔ

የመስክ ሰው፣ ቦታህንም አረጋግጥ። `Ethiopia` ብለህ ብቻ ከተውከው በከተማ የሚፈልግ ሰው ሊያጣህ ይችላል፤ ከተማህን ጻፍበት። ስምህንም ተመልከት። በፊደላችን ብቻ ከጻፍከው በላቲን ፊደል በስም የሚፈልግህ አያገኝህም።

የመስክ ሰው

እሺ። አርዕስቱ ላይ `Officer` አደረግሁት፤ መጨረሻው ላይ የነበረውን አነሣሁ፤ ከተማዬንም አስገባሁ። በሥራ ዝርዝሩ ውስጥም ሙሉውን ሐረግ ጻፍኩት። ከዚያ ሊንክድኢን ላይ ከእኔ ጋር ያልተገናኘ የእህቴ ልጅ ከራሱ ገጽ ሆኖ `"monitoring and evaluation"` ብሎ አዲስ አበባን መርጦ ፈለገልኝ። ከመቀየሬ በፊት ባደረገው ፍለጋ እስከታከተው ድረስ ገጽ ቢገልጥም አላገኘኝም ነበር። አሁን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አለሁ።

ጣና ዳር

ከሌላ ሰው ገጽ መሞከርዎ ጥሩ ነው። በራስዎ ገጽ ቢፈልጉ የሚያዩት ትክክለኛውን አይሆንም፤ ውጤቱ እንደ ፈላጊው ትውውቅ ይለያያልና። በግል የላኩልኝን ማገናኛ ይዤ እኔም ከሪክሩተር ሞክሬአለሁ። በቁልፍ ቃል ይመጣሉ፤ አርዕስትዎም ወዲያው ሥራዎን ይናገራል። በመጠሪያ ማጣሪያው ግን አሁንም የሉም። ከላይ እንዳልኩት ነው፤ አርዕስቱ ያንን በር አይከፍትም።

ሸማኔ

ለዚያ የምመክርህ አንድ ነገር አለ። አሁን ካለህበት ድርጅት ሳትወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስታወጣ፣ መጠሪያህን ብቻ ሳይሆን በየትኛው የሥራ ዘርፍ እንደምትሠራ እንዲጻፍልህ ጠይቅ። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህንን ይጽፋል። ያ በእጅህ ካለ ከመጠሪያው ቀጥሎ ብትጨምረው እኔም አልቃወምም።

የመስክ ሰው

ሰኞ ማመልከቻውን ለሰው ኃይል ክፍል አስገባለሁ። ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ፊርማ የሚሰጥ ሰው እያለ ቢሆን ይሻላል። ደብዳቤው ሲወጣ መጠሪያውን አስተካክዬ እዚሁ እጽፋለሁ፤ ጣና ዳር፣ ያኔ በመጠሪያ ማጣሪያው አንድ ጊዜ ብትሞክሩልኝ ደስ ይለኛል።

ማገር

እኔ ደግሞ ዛሬውኑ አርዕስቴ ላይ `Mechanical and Electrical` ብዬ በሙሉ ጽፌአለሁ። የእርዳታ ድርጅቶቹ መጻፋቸውን ያቆሙ እንደሆነ አያለሁ።